ወደ ታች የሚጠብ የአበባ መትከያ ስንት ሊትር አፈር ይይዛል?

ጥያቄ፦ «40 የአበባ መትከያዎች አሉኝ። የአፋቸው ስፋት 31፣ የታቻቸው 20፣ ጥልቀታቸው 27 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ ስንት ሊትር አፈር እንደማዘጋጅ ማስላት አቃተኝ።»

መልስ፦ መጀመሪያ አፈሩ እስከ የት እንደሚሞላ ይወስኑ። ሲያጠጡ ውሃው እንዳይፈስ ከአፉ በታች 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ የሚሞላው ቁመት እንግዲህ 24 ነው። ስፋቱንም የሚለኩት አፉ ላይ ሳይሆን አፈሩ በሚያቆምበት መስመር ላይ፣ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ ነው። በእርስዎ መትከያ ይህ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። የስፋቱ ግማሽ፣ ማለትም ሬዲየሱ፣ ከላይ 15፣ ከታች 10 ሆነ ማለት ነው።

አሁን የመትከያው ግድግዳ ወደ ታች ቢቀጥልና እንደ ሾጣጣ በአንድ ነጥብ ቢያልቅ ብለው ያስቡ። በ24 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሬዲየሱ ከ15 ወደ 10 ወርዷል፤ 5 ቀንሷል። የቀረው 10 ተመናምኖ እንዲያልቅ ደግሞ የዚህ እጥፍ ቁመት፣ 48 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ይህ ከታች የጎደለው ትንሽ ሾጣጣ ነው። ሙሉው ሾጣጣ 24 ሲደመር 48፣ ማለትም 72 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።

የሾጣጣ ይዘት ሬዲየሱ በራሱ ተባዝቶ፣ በ3.14ና በቁመቱ ተባዝቶ፣ ለ3 ሲካፈል ይገኛል፦

ትልቁ፦ 15 × 15 × 3.14 × 72 ÷ 3 = 16,956
ትንሹ፦ 10 × 10 × 3.14 × 48 ÷ 3 = 5,024
ልዩነቱ፦ 11,932 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር

1,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1 ሊትር ስለሆነ አንዱ መትከያ 12 ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ 40ዎቹ 477 ሊትር ይፈልጋሉ። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ተጠቅጥቆ ስለሚወርድ 15 በመቶ ይጨምሩና 550 ሊትር ያዘጋጁ።

መትከያውን እስከ አፉ ቀጥ ያለ በርሜል አስመስሎ ማስላት አንዱን 20 ሊትር ያደርሰዋል፤ ብዙ አፈር ተርፎ የሚቀረው በዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ሙሉውን ስፋት እንደ ሬዲየስ ማስገባት ነው፣ ውጤቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ቁመቱም በተጋደመው ግድግዳ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ማስመሪያ ይለካ። በእርስዎ መትከያ ልዩነቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አፉ በጣም በተዘረጋ መትከያ ግን ያሳስታል።

ላይና ታቹ እኩል ለሆነ መትከያ ይህ መንገድ አይሠራም፤ የጎደለው ሾጣጣ የሚያልቅበት ነጥብ የለውም። እሱን እንደ በርሜል ያስሉት።

ሂሳቡን ለማረጋገጥ በአንዱ መትከያ ውስጥ ያልተቀደደ ፌስታል ዘርግተው እስከ መስመሩ ድረስ በሊትር መለኪያ ውሃ ይሙሉበት። ከ12 ሊትር ብዙ ከራቀ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ የተለካው ከውጭ ነው፤ በተለይ ወፍራም የሸክላ መትከያ ላይ።