የተንጎራጎረ ዜማ ወደ ሚዲ ሲቀየር

«ሰላም ቤተሰብ። የሠራሁትን ዜማ በስልኬ አንጎራጉሬ ቀድቼዋለሁ። ኪቦርድ አልችልም። ወደ ኖታ ወይም ወደ ሚዲ የሚቀይር አፕ ሞክሬ ነበር፤ የወጣው ግን የኔ ዜማ አይመስልም። ችግሩ ከአፑ ነው ከኔ?»

ወንድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው አቀዳዱ ላይ ነው። እኔም በዚህ ብዙ ስለደከምኩ አንድ የራሴን ሥራ ልንገርህ።

በትዝታ ቅኝት አንድ አጭር ዜማ ነበረኝ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ። ስቆጥረው 24 ኖታ ነው። አፌን ዘግቼ «እምም» እያልኩ ቀዳሁትና Basic Pitch ላይ ጫንኩት። የተቀዳን ድምፅ ወደ ሚዲ፣ ማለትም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የኖታ ፋይል፣ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ነው፤ በነፃ እዚያው ብራውዘር ላይ ይሠራል። 41 ኖታ አወጣልኝ! ከመሃላቸው ፋ ነበር፤ ከፋ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍም ነበር። ዜማዬ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

ከየት መጡ? «እምም» ሲባል ድምፁ አይቋረጥም። ከሚ ወደ ሶል ስሄድ እየተንሸራተትኩ ነው የምሄደው፤ ፋ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ጆሯችን መንሸራተቱን እንደ ጌጥ ይሰማዋል። ፕሮግራሙ ግን እያንዳንዱን ማለፊያ እንደ ኖታ ሊመዘግበው ይችላል። በተቃራኒው ሶልን ሁለቴ ስደግም አንድ ረጅም ሶል አድርጎ ጻፈው፤ የት እንደተከፈለ የሚያሳይ ነገር አልሰጠሁትማ።

ሁለተኛውን «ዳ ዳ ዳ» እያልኩ ዘመርኩ። «ዳ» የሚለው ፊደል የየኖታውን መነሻ ይቆርጣል። ሜትሮኖሙን 72 ላይ አድርጌ በኢርፎን ሰማሁ፣ ክሊኩ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ Minimum Note Length የሚለውን፣ የአንድ ኖታ ትንሹን ርዝመት ማለት ነው፣ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ያጠረ ነገር ሁሉ ወደቀ። 27 ኖታ ቀረ። ሦስቱን ትርፍ በእጄ አጠፋሁ፤ ሁለቱ የጉሮሮ ጌጥ፣ አንዱ ትንፋሽ ነበሩ።

አሁን ስለ ትክክለኛነቱ። የድምፁን የንዝረት ድግግሞሽ በሄርዝ መለካት ለፕሮግራሙ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ያንን ቁጥር ወደ አንድ ቁልፍ ሲያጠጋጋ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፤ f የድምፁ ሄርዝ፣ n ደግሞ የቁልፉ የሚዲ ቁጥር ነው፦

```
n = 69 + 12 * log2(f / 440)
```

220 ሄርዝ ብትዘምር 57 ይወጣል፣ እሱም ላ ነው። ትንሽ ከፍ ብለህ 226 ብትዘምር 57.47 ይሆናል፤ አሁንም ላ። 227 ስትደርስ ግን 57.54 ይሆንና ወደ 58 ይጠጋጋል፤ ከላ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ ማለት ነው። በአንድ ሄርዝ ልዩነት ኖታው ተቀየረ። ያንን ልዩነት በጆሮህ መለየት ይከብዳል፤ ድምፅም ሲዘፍን ከዚያ በላይ ይወዛወዛል።

መነሻ ድምፅ ሳትይዝ ስትጀምር ደግሞ ዜማህ በሙሉ በሁለት ቁልፎች መሃል ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ አንዱ ኖታ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጠጋጋል፤ «የኔ ዜማ አይመስልም» ያልከው ምናልባት ይህ ነው። ስለዚህ ከመቅዳትህ በፊት ስልክህ ላይ ባለ የፒያኖ አፕ ዶን ተጫንና ከሱ ተነሳ። ዘፍነህ ስትጨርስም ያንኑ ዶ ንካው። ድምፅህ ወርዶ ከተገኘ ዜማውን በሁለት በሦስት ቁራጭ ቅዳው።

ቅኝትህን ማወቅህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። እኔ በያዝኩት ትዝታ በሁለት ኖታ መሃል ያለው ትንሹ ርቀት አንድ ሙሉ ቶን ነው። 58 ከወጣ ቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ወደ ላ ትመልሰዋለህ፣ አለቀ። አንቺሆዬ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ዶና ሬ ፍላት አጎራባች ቁልፎች ናቸው፣ ፋና ሶል ፍላትም እንዲሁ። ድምፅህ በመሃላቸው ከወደቀ ሁለቱም የቅኝቱ ልጆች ስለሆኑ የትኛውን እንዳሰብክ ከፋይሉ አይታወቅም። እዚያ ላይ በጆሮህ ነው የምትወስነው።

ስለ ምቱ አንድ ነገር ልጨምር። የወጣው ሚዲ ኖታዎቹ በስንተኛው ሰከንድ እንደተነሱ እንጂ ምትህ የት እንዳለ አያውቅም፤ ካልነገርከው ፍጥነቱን 120 ብሎ ይጽፈዋል። እኔ የዘፈንኩበትን 72 እዚያው ሞላሁ። ከዚያ በፊት MuseScore በሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ስከፍተው ገጹ በተንጠለጠሉ ቁርጥራጭ ኖታዎች ተሞልቶ ነበር። ለክሊክ ካልዘፈንክ ይህንን በቅንብር ማስተካከል ይከብዳል፤ እንደገና መቅዳት ይሻላል።

ጌጡን፣ ያቺን ከሚ ወደ ሶል የምትንሸራተተዋን፣ ኖታው ላይ አታስገድዳት። ዋናውን ኖታ ጻፍና የመጀመሪያውን ቅጂ ከፋይሉ ጋር አስቀምጥ። ዜማውን ለሚያቀናብርልህ ሰው ስትሰጥ ሁለቱን አብረህ ላክለት።