የዘፈኑን ስም መጨረሻ ላይ ጥራው

«እህቴ ቅዳሜ ታገባለች። ከመጀመሪያ ዳንሳቸው በፊት ዘፈኑን በአጭር ንግግር የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልጀምር? ያደረገው ካለ ይንገረኝ።»

ወንድሜ፣ እኔ ለታናሽ እህቴ አድርጌዋለሁ። ስለ አጀማመሩ አትጨነቅ። ጉድ የሚሠራህ አጨራረሱ ነው።

1. የዘፈኑ ስም ከአፍህ የሚወጣ የመጨረሻው ቃል ይሁን። እኔ መሀል ላይ ጠራሁት። ዲጄው ስሙን እንደሰማ ለቀቀው። እህቴ ገና ወንበሯ ላይ ናት፣ ቬሎዋን የሚያነሳላት ሰው ትፈልጋለች። ሙሽራው አፉ ውስጥ ኬክ አለ። መሀል እስኪደርሱ የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። እሷ ዘፈኑን የመረጠችው ለዚያ ስንኝ ነበር! ዲጄውን «ከመጀመሪያው ድገመው» ብለው ፊቱን አዞረብኝ። ቀደም ብዬ ምልክት እንነጋገር ስለው ደግሞ «ሥራዬን አውቃለሁ» ብሎኝ ነበር። አንተ ቢኮሳተርብህም አትልቀቀው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጠውና «ይቺን ሳትሰማ እንዳትለቅ» በለው። ዘፈኑንም አብራችሁ ስሙት። የመድረክ ቅጂው ከሆነ መጀመሪያው ጩኸትና ፉጨት ነው።

2. ብርጭቆው ይቅደም። ሰው ከጠጣ በኋላ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው የዘፈኑን መግቢያ ይውጠዋል። ስለዚህ ታሪክህን ተናግረህ ብርጭቆ አስነሳ። ጋብ ሲል ሙሽሮቹን ወደ መሀል ጥራ። ቆመው ሲተያዩ፣ ያኔ የዘፈኑን ስም ጥራ።

3. አንድ ታሪክ ብቻ፣ እሱም ከዘፈኑ ጋር የተያያዘ። እኔ መጀመሪያ ከልጅነቷ ተነስቼ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አንብቤ በስልኬ ስለካው አራት ደቂቃ ሆነ። ቆርጬ ቆርጬ አንድ ደቂቃ አስገባሁት። የቀረው ይሄ ነበር፣ አሁንም ሳነበው ደስ ይለኛል፦

«የእኔና የእህቴ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። አንድ ሰሞን ማታ ማታ አንድ ዘፈን ትከፍት ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ግድግዳውን እደበድባለሁ፣ ድምፁን ትጨምራለች። በኋላ ይሄ ሰውዬ ቤት መጥቶ ያንኑ ዜማ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ነገሩ ያኔ ገባኝ። እንግዲህ ግድግዳውን ስደበድብ ለከረምኩት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ብርጭቆዬን ለሁለታችሁ አነሳለሁ።»

ይሄን ስል እናቴ በሳቅ ፈረሰች፣ እህቴ አለቀሰች። የድሮ ጓደኛ፣ ዕዳ፣ ክብደት የሚባል ነገር አላነሳሁም። የአክስቴ ልጅ «ትንሽ ጨው ጨምርበት» ብሎኝ ነበር፣ እንኳን አልሰማሁት።

4. ማይክ። ስሙን ጠርተህ ስትጨርስ አጥፋው፣ ከዚያ አቀብል። የእኛ ቪዲዮ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲዞሩ፣ ከዘፈኑ በላይ የእኔ ድምፅ «ኡፍ፣ ተገላገልኩ» ይላል።