ኢንቮይሱ ላይ ዜሮ ቢጻፍም ታክሱ የገዢው ነው

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው፤ እንጀራና የጾም ምግብ እያዘጋጀሁ ለድግስ አቀርባለሁ። ሽያጬ በዓመት 20,000 ዩሮ ስለማይሞላ በጀርመን ሕግ ክላይንኡንተርኔመር፣ ማለትም ትንሽ ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኞቼን ተጨማሪ እሴት ታክስ አላስከፍልም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለኢንተርኔት ማስታወቂያ በየወሩ 150 ዩሮ ለአንድ የአየርላንድ ኩባንያ እከፍላለሁ፤ ኢንቮይሱ ላይ ታክሱ ዜሮ ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ደግሞ ድረ ገጽና አርማ ሠርቶልኝ ፌብሩዋሪ 20 ቀን አስረከበኝ፤ በዚያው ቀን 1,200 ዩሮ ላክሁለት። ኢንቮይስ አልሰጠኝም። አሁን ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አንዲት ጓደኛዬ «የእነዚህ ሁሉ ታክስ አንቺ ላይ ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። እኔ ከታክስ ነፃ አይደለሁም እንዴ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ትክክል ናት። ነፃነትዎ የሚሸፍነው እርስዎ የሚሸጡትን እንጂ ከውጭ አገር የሚገዙትን አገልግሎት አይደለም። ይህን ልዩነት በወቅቱ የሚነግራቸው ስለማያገኙ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ዕዳው ከተጠራቀመ በኋላ ወደ እኔ ይመጣሉ።

በጀርመን የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ አንቀጽ 3ሀ መሠረት፣ አንድ ድርጅት ለሌላ ድርጅት የሚሰጠው አገልግሎት በመርሕ ደረጃ የተሰጠው ገዢው ባለበት አገር እንደሆነ ይቆጠራል። ማስታወቂያውም ሆነ ድረ ገጹ በሕግ ዓይን የተሰጡት ፍራንክፈርት ነው፤ ስለዚህ የጀርመን 19 በመቶ ታክስ ይመለከታቸዋል። ሻጩ ግን ጀርመን ውስጥ የለም። መንግሥት ደብሊንና አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ታክስ ከመሰብሰብ ይልቅ ግዴታውን ገልብጦ በገዢው ላይ ያሳርፈዋል። የተገላቢጦሽ ታክስ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚገኘውም በአንቀጽ 13ለ ላይ ነው። በአየርላንዱ ኢንቮይስ ግርጌ Reverse charge ወይም Steuerschuldnerschaft des Leistungsempfängers የሚል መስመር ይፈልጉ። ትርጉሙ «ታክሱን የሚከፍለው አገልግሎቱን የተቀበለው ነው» ማለት ነው። ዜሮው «ታክስ የለም» ሳይሆን «እኔ አልሰበሰብሁም፤ አንቺ አስታውቂ» የሚል መልእክት ነው።

መደበኛ ታክስ ከፋይ የሆነ ነጋዴ ይህን ታክስ በአንድ መስመር ላይ ዕዳ አድርጎ ያስመዘግብና በሌላ መስመር ላይ እንደ ግብዓት ታክስ፣ ማለትም ለንግዱ በገዛው ነገር ላይ እንዳረፈ ታክስ ይቀንሰዋል፤ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ክላይንኡንተርኔመር ግን የግብዓት ታክስ የመቀነስ መብት የለውም፤ የዕዳው መስመር ብቻ ይቀርለታል። ደንቡ ለትልቁ ነጋዴ የወረቀት ሥራ ብቻ ሆኖ ሳለ ለትንሹ እውነተኛ ወጪ ይሆናል። ይህ ቅር ያሰኛል፤ ሕጉ ግን ግልጽ ስለሆነ ተከራክረው አያሸንፉበትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ታክሱ የሚሰላው በከፈሉት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። ከ1,200 ዩሮ ውስጥ ታክሱን ፈልፍሎ ማውጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ 1,200 ዩሮው ራሱ ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ ነው። ስለዚህ 19 በመቶው 228 ዩሮ ይሆናል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ማስታወቂያ 450 ዩሮ ነው፤ ታክሱም 85 ዩሮ ከ50 ሳንቲም። ሁለቱ ሲደመሩ ለጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች 313 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይመጣል። በቀጣዮቹ ሁለት ሩብ ዓመታት ማስታወቂያው ብቻ ስላለ ለእያንዳንዳቸው 85 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያለብዎት በድምሩ 484 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው።

ባለሙያው ኢንቮይስ አለመስጠቱ ከዕዳው አያድንዎትም። ሻጩ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሲሆን ታክሱ የሚወለደው ኢንቮይሱ በተጻፈበት ጊዜ ነው፤ ካልተጻፈ ወይም ከዘገየ ግን ሥራው ከተሠራበት ወር ቀጥሎ ያለው ወር ሲያልቅ ይወለዳል። ሥራው ፌብሩዋሪ ላይ ስለተጠናቀቀ የመጨረሻው ቀን ማርች 31 ነበር። ለአየርላንዱ አገልግሎት ደግሞ ኢንቮይሱ ሳይጠበቅ አገልግሎቱ የተሰጠበት ሩብ ዓመት ሲያበቃ ዕዳው ይመጣል። ለወደፊቱ ቅድሚያ ክፍያ ከላኩም፣ የላኩት ያህል ታክስ ሥራው ሳይጠናቀቅ እንደሚወለድ ያስቡ። የአዲስ አበባው ባለሙያ በአገሩ ትንሽ ነጋዴ መሆኑም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ጨርሶ ነጋዴ ካልሆነ ነው፦ ለምሳሌ በሌላ ሙያ ተቀጥሮ የሚኖር የአክስት ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶልዎት ገንዘብ ቢልኩለት ደንቡ አይነካዎትም። በመደበኛነት ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን ነጋዴ ነው።

የሚያስታውቁት ELSTER በተባለው የመንግሥት የግብር ድረ ገጽ ላይ በሚሞላው የተጨማሪ እሴት ታክስ ቅድመ መግለጫ ነው። የአየርላንዱን ክፍያ በቁጥር 46፣ ታክሱን በቁጥር 47 ያስገቡ፤ የአዲስ አበባውን በቁጥር 84፣ ታክሱን በቁጥር 85። ቁጥር 67 የግብዓት ታክስ መቀነሻ ነው፤ እርስዎ ባዶ ይተዉታል። የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ይህን መስመር ሞልተው ካገኘ ገንዘቡን መልሶ ይጠይቃል። መግለጫው እንዲህ ያለ ግዢ ላለበት ሩብ ዓመት ብቻ የሚቀርብ ሲሆን የጊዜ ገደቡ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ 10ኛው ቀን ነው። ስለዚህ የኤፕሪል፣ የጁላይና የኦክቶበር 10 ቀናት አልፈውብዎታል። ከዚህም በላይ ክላይንኡንተርኔመር ከ2024 ወዲህ በመደበኛው የዓመት መግለጫ ማቅረብ ባይጠበቅበትም የአንቀጽ 13ለ ታክስ ያለበት ሰው ግን ማቅረብ አለበት።

ሦስቱንም መግለጫዎች በዚህ ሳምንት አስገብተው ገንዘቡን ይክፈሉ። ከአጭር ደብዳቤ ጋር የዘገየበትን ምክንያት በእውነት ይጻፉ። የመዘግየት ቅጣት ሊጨመርብዎ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይጠየቁ በራስዎ ማስታወቅዎ ከወንጀል ጥርጣሬ የሚጠብቅዎት ነገር ነው፤ ጥያቄው ከመጣ በኋላ ያው ወረቀት ዋጋው ያንሳል። ጥያቄው መምጣቱም የሩቅ ነገር አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ መለያ ቁጥርዎን ለማስታወቂያው ኩባንያ ሰጥተው ከሆነ፣ ኩባንያው ለእርስዎ የሸጠውን በዚያ ቁጥር ሥር ለአየርላንድ ባለሥልጣን ያስታውቃል፤ መረጃው ወደ ጀርመን ይተላለፋል።

አንዳንዶች መለያ ቁጥሩን ደብቀው እንደ ግለሰብ በመመዝገብ ኩባንያው ታክስ እንዲያስከፍላቸው ያደርጋሉ። ይህን አይሞክሩት። ለንግድዎ እስከገዙ ድረስ የአንቀጽ 13ለ ዕዳ አይጠፋም፤ ለኩባንያው በስሕተት የከፈሉትን ከእርሱ ካላስመለሱ ሁለቴ ከፋይ ይሆናሉ። ቁጥሩ ከሌለዎት ክላይንኡንተርኔመርም ቢሆኑ ከፌዴራል ማዕከላዊ የግብር ቢሮ ጠይቀው ያገኛሉ።

ወደ መደበኛው ሥርዓት ገብቼ የግብዓት ታክስ ልቀንስ ብለው ያስቡ ይሆናል። መብቱ አለዎት፤ ግን አንዴ ከገቡ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይታሰራሉ። ደንበኞችዎ ድግስ የሚደግሱ ቤተሰቦች ናቸው፤ የሚጨምሩባቸውን ታክስ ማስመለስ አይችሉም። በዓመት ጥቂት መቶ ዩሮ ለማትረፍ የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ዋጋ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም። የሚከፍሉት የአንቀጽ 13ለ ታክስ ለገቢ ግብር የንግድ ወጪ ሆኖ ስለሚያዝ የክፍያ ማረጋገጫዎቹን ያስቀምጡ። አዲስ አበባ ያለውን ባለሙያም ሥራውን፣ ቀኑንና 1,200 ዩሮውን የሚገልጽ ኢንቮይስ ዛሬም ቢሆን ይጠይቁት።