ከፎቶ ወደ ኤክሴል፦ የገበያ ዋጋ ዝርዝር ላይ ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዚህ ቤት! የወረዳ ገበያ ዋጋ ዝርዝር በየሳምንቱ በፎቶ ይላክልኛል። እቃ፣ መለኪያ፣ ዋጋና ቀን እያልኩ ኤክሴል ላይ መደርደር አለብኝ። በእጅ መጻፍ ሰለቸኝ። ፎቶውን ራሱ የሚያነብ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።»

እህቴ፣ የሚያነበው ነገር አለ፤ እሱ ግን ቀላሉ ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ገበያ ዋጋ ለአንድ ፕሮጀክት ስመዘግብ ከርሜያለሁ። ያንቺም እንደኔው ከንግድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው ብዬ ልነሳ።

1. ዝርዝሩ በኮምፒውተር የተጻፈ ከሆነ ቴሴራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሻል። አማርኛ ያነባል፤ የአማርኛውን ፋይል ለብቻው መጫን እንዳትረሺ።

```
tesseract zirzir.png wutet -l amh --psm 6
```

መጨረሻ ላይ ያለችውን 6 አትተያት። ገጹን እንደ አንድ ጽሑፍ አድርጎ መስመር በመስመር እንዲያነብ የምታዘው እሷ ናት። ያለሷ አንዳንዴ የእቃውን ዓምድ ለብቻ፣ የዋጋውን ለብቻ ያነብና የጤፉ ዋጋ የት እንደገባ ትፈልጊያለሽ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ግን አትልፊ፣ ቁጭ ብለሽ ጻፊው። ፎቶውን በቴሌግራም የሚልክልሽን ሰው ደግሞ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በዪው። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ያኔ 3 እና 8 መንትያ ይሆናሉ።

2. ማህተም። እዚህ ላይ ሆዴ ስላረረ ትንሽ ልዘርዝር። ዝርዝሩ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ተቀምጧል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ፋይሉን በፍላሽ ስጡኝ» ስል «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ተመለስኩ። «ደብዳቤው ለኛ አልተመራም።» በመጨረሻ ልጅቷ ያንኑ ፋይል አተመችው፤ መሃሉ ላይ፣ በትክክል የበርበሬው ዋጋ ላይ፣ ማህተሙን ድም አደረገችበትና «በል አሁን ፎቶ አንሳው» አለችኝ። ኤክሴል ወረቀት ሆነ፣ ወረቀቱ ፎቶ፣ ፎቶው እንደገና ኤክሴል። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈለን!

ከቻልሽ ማህተም ሳይመታ በፊት አንሺው። ካልሆነ መላ አለው። ማህተሙ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ፣ ጽሑፉ ጥቁር ከሆነ ኢሜጅማጂክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፎቶውን ሰማያዊ ቀለም ብቻ ለይተሽ አውጪ። ማህተሙ ይደበዝዝና ጥቁሩ ቁጥር ይቀራል።

```
magick photo.jpg -channel B -separate zirzir.png
```

ዋጋው በሰማያዊ ቢክ የተሞላ ከሆነ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ዋናውን ፎቶ እያየሽ ሙዪ።

3. መለኪያው። ከወረቀቶቼ አንዱ ይሄን ይመስል ነበር፦

```
ነጭ ጤፍ       ኩ/ል     13,000
ሰርገኛ ጤፍ     "       11,800
በርበሬ ዛላ     ኪሎ      650
ቀይ ሽንኩርት    "       55-65
የምግብ ዘይት    5 ሊትር   1,150
እንቁላል       "       15
```

ሁለቷን ጭረት አየሻት? «ከላይ እንዳለው» ማለት ናት። ለፕሮግራሙ ግን ምንም ማለት አይደለችም። አንዳንዴ ይዘላታል፣ አንዳንዴ 11 ብሎ ያነባታል። ስለዚህ የመለኪያው ዓምድ ውስጥ ባዶ ቦታ ወይም ብቻውን የቆመ 11 ካየሽ እሷ ናት፤ የላይኛውን መለኪያ በሙሉ ጻፊበት። ግን በጭፍን ወደ ታች አትጎትቺ። እንቁላሉን ተመልከቺ፦ እንደ ጭረቷ ከሆነ 5 ሊትር እንቁላል በ15 ብር ነው። ጸሐፊው እጁ ለምዶበት ነው የጫራት። የአንዱ ዋጋ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እኔ እንዲህ ያለውን «ፍሬ» ብዬ አርሜ፣ ዳር ላይ «ታርሟል» የሚል ምልክት አደርጋለሁ።

ሽንኩርቱ ሌላ ጣጣ አለው። 55-65ን ኤክሴል ዝም ብሎ ያልፈዋል። 10-12 የሚል ዋጋ ቢመጣ ግን ቀን ነው ብሎ ይለውጠዋል። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይኑሩሽ። አማካይ አውጥተሽ አንድ ቁጥር አታድርጊው፤ በኋላ የሚፈልገው ሰው ራሱ ያወጣዋል። የሺውን ኮማም አጥፊ።

4. ቀን፣ ቀን፣ ቀን። ወረቀቱ አናት ላይ 9/3/17 ይላል፤ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም ማለት ነው። እኔ ዝርዝሩን እንዳለ በጽሑፍ ፋይል ላክሁ። የፕሮጀክቱ ማዕከል ያለው ሰውዬ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቆጣጠር የተሞላ ነበር፤ ገልብጦ ኤክሴል ላይ ሲለጥፈው 9/3/17 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 ሆኖ ቁጭ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት 16/3/17 ደግሞ 16ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ግማሹ ሰባት ዓመት ወደኋላ ሄደ፣ ግማሹ ከግራፉ ወጣ። ጳጉሜ 4፣ 4/13/16 ተብሎ የተጻፈው፣ ኤፕሪል 13 ሆነ! ከዚያ «የላክኸው መረጃ ተበላሽቷል» ተብዬ የመጨረሻው ክፍያዬ ተያዘ። የላክሁት ፋይል አንዲት ፊደል አልተሳሳተም፤ ዋናውን ፎቶ ከጎኑ አስቀምጬ ነው ያሳየኋቸው። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን አልሰማሁም።

አንቺ ቀንን፣ ወርንና ዓ.ምን ሦስት ለየብቻ ዓምዶች አድርጊያቸው። ያኔ ማንም ኤክሴል ሊነካቸው አይችልም።

```
እቃ,መለኪያ,ዝቅተኛ,ከፍተኛ,ቀን,ወር,ዓ.ም
ነጭ ጤፍ,ኩንታል,13000,13000,9,3,2017
ቀይ ሽንኩርት,ኪሎ,55,65,9,3,2017
እንቁላል,ፍሬ,15,15,9,3,2017
```

የፈረንጁ ቀን ከተፈለገ በስምንተኛው ዓምድ፣ H2 ላይ፣ ይሄን አስገቢ፦

```
=DATE(G2+7,9,11)+IF(MOD(G2,4)=0,1,0)+(F2-1)*30+E2-1
```

መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል፣ እንደ 2016፣ 12 ላይ። መሃል ያለው IF ለዚያ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2017 ኖቬምበር 18 ቀን 2024 ይሰጥሻል።

አሁን እኔ የምኮራባትን ልንገርሽ። የገጠር ገበያ የሚቆምበት ቀን የታወቀ ነው። ባቲ ብትዪ ሰኞ ነው፤ የኔም ሰኞ ነበር። ስለዚህ የተለወጠው ቀን ሁሉ ሰኞ ላይ መዋል አለበት፦

```
=WEEKDAY(H2)=2
```

FALSE ያለው መስመር ሁሉ ቀኑ በስህተት ተነቧል፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለው ዋጋው የተሰበሰበበት ሳይሆን ደብዳቤው ወጪ የሆነበት ቀን ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሰኞ ሰብስበው ረቡዕ ያወጡታል። የሚመዘገበው የገበያው ቀን ነው። ያንቺ ገበያ ቅዳሜ ከሆነ 2ን በ7 ቀይሪው።

ጣሳ ወይም ቁና የሚል መለኪያ ካጋጠመሽ እንዳለ ጻፊው፣ ወደ ኪሎ አትለውጪ። የአንዱ ገበያ ጣሳ ከሌላው አይገጥምም፤ በዚያ ላይ የጤፍ ጣሳና የሽንብራ ጣሳ ሚዛን ላይ እኩል አይመጡም። ኪሎው የግድ ካስፈለገ እዚያው ገበያ ሄደሽ፣ እያንዳንዱን እህል በነጋዴው ጣሳ አስሰፍረሽ መዝኚ።