ጥያቄና መልስ፦ ስክሪኑ የሚያሳየውን ድምፁ አይድገመው

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ኢንቨስተር ፊት ስለሚቀርብ የአፕ ማሳያ ቪዲዮ።

«ቪዲዮው ስንት ደቂቃ ቢሆን ጥሩ ነው?» (ከአዘዞ)

አንተ ራስህ ቆመህ የምታቀርብ ከሆነ ከ90 ሰከንድ አይለፍ።

«ስክሪፕቱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ስክሪን ቀረጻውም ጥርት ያለ ነው። ያዩት ጓደኞቼ ግን ግማሹ ላይ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። የት ነው የተሳሳትኩት?» (ከማራኪ፣ ለሱቆች የዱቤ መዝገብ አፕ የሠራች)

የላክሽውን ስክሪፕት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚጀምረው ከመመዝገቢያው ገጽ ነው። ስልክ ቁጥር ይገባል፣ ኮድ ይመጣል፣ የሱቁ ስም ይሞላል። የመጀመሪያው ዱቤ የሚመዘገበው ከ50 ሰከንድ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ኢንቨስተሩ ያየው ማንኛውም አፕ ያለውን ነገር ነው።

ዋናው ችግር ግን ድምፁ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አሁን አዲስ ዱቤ የሚለውን እንጫናለን። ከዚያ የደንበኛውን ስም እናስገባለን። ከዚያ የብሩን መጠን እናስገባለን።» ይህን ሁሉ እኮ ዓይን እያየው ነው። ጆሮ ዓይን የቀደመውን ሲደግም ሰው መስማት ያቆማል። ድምፅ የሚያስፈልገው ስክሪኑ ሊያሳየው የማይችለውን ለመናገር ነው። ማን ተቸገረ? ለምን? ይህ ቁጥር ሲመጣ ምን ተለወጠ?

ስለዚህ ወረቀትሽን መሃል ለመሃል ክፈይው። በግራ የሚታየውን፣ በቀኝ የሚነገረውን ጻፊ። በቀኝ ያለው የግራውን የሚደግም ከሆነ ሰርዢው።

ያንቺን አፕ ይዤ ልሞክር። በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ስክሪን አታሳዪ። ቅዳሜ ገበያ ካለ ሱቅ የአንድ የዱቤ ደብተር ገጽ አሳዪ፣ ስሞቹ ሳይነበቡ። ድምፁ፦ «ወር ሲያልቅ ባለሱቁና ደንበኛው የሚከራከሩት ሂሳቡ በአንደኛው እጅ ብቻ ስለተጻፈ ነው።» ከዚያ በቀጥታ ወደ አፑ ግቢ፣ ተከፍቶ የቆየ ይሁን። አንዲት ደንበኛ ዘይትና ስኳር ትወስዳለች። 850 ብር ይመዘገባል። ድምፁ፦ «ያው ቁጥር በዚያው ሰዓት ለደንበኛዋ በአጭር መልእክት ይደርሳታል።» የሁለተኛው ስልክ ስክሪን ጎን ለጎን ይታይ። ደመወዝ ስትቀበል 500 ትከፍላለች። ስክሪኑ ላይ 350 ሲመጣ ዝም በዪ፤ ሁለት ሰከንድ ሙሉ። ቁጥሩን ራሳቸው ያንብቡት። ከዚያ በኋላ ብቻ፦ «አሁን ሁለቱም የያዙት አንድ ሂሳብ ነው።»

አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ነው ያሳየሽው። ማስተካከያ ገጹ፣ ቋንቋ መቀየሪያው፣ ሪፖርቱ ይቅሩ። የገበያውን ስፋትና የምትጠይቂውን ገንዘብ ደግሞ ቆመሽ በራስሽ አፍ ትናገሪዋለሽ።

የሥራው ቅደም ተከተልም አለ። መጀመሪያ ድምፁን ቅጂ። ቀጥሎ ድምፁን በማዳመጫ እየሰማሽ ስክሪኑን ቅረጪ፣ እጅሽ በንግግሩ ፍጥነት እንዲሄድ። ተገላቢጦሽ ከሠራሽው ምስሉን ለመድረስ ስትሮጪ ድምፅሽ ይጣደፋል። በእኔ ንባብ አንድ ደቂቃ ከ90 እስከ 100 የአማርኛ ቃል ይይዛል። ስለዚህ ለ90 ሰከንድ ከነዝምታው 130 ቃል ይበቃል። የላክሽልኝ ከ270 በላይ አለው። እያንዳንዱን ቀረጻ ስትጀምሪም ስትጨርሺም ሁለት ሰከንድ እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ ቆዪ፤ ኤዲት ሲደረግ መቁረጫ ቦታ ይሆናል። የስልክ ስክሪን በፕሮጀክተር ላይ ጠባብ ቋሚ ሰሌዳ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው 350ን አያነብም። ቁጥሩ በሚታይበት ቅጽበት ያንን ክፍል ብቻ አጉልተሽ አሳዪ።

ስለ ቁልፎች የማያወራ ድምፅ ሌላም ጥቅም አለው። በሚቀጥለው ወር የአንዱን ቁልፍ ቦታ ብትቀይሪ የምትቀርጪው ያችን ስክሪን ብቻ ነው፤ ድምፁ እንዳለ ይቀመጣል።

«የእውነተኛ ደንበኞቻችንን ሂሳብ ብናሳይ የበለጠ አያሳምንም?» (ከቆላ ድባ)

አያስፈልግም። ለቀረጻ ብቻ የሚሆን አካውንት ክፈት፤ የሚመስሉ ስሞችና ቁጥሮች ሙላበት። አንድ ጊዜ እኔ በሠራሁት ቪዲዮ የአንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ለሁለት ሰከንድ ታይቷል። ያየሁት ስብሰባ ላይ ነው፣ ከሁሉም ሰው ጋር። እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከመቅረጽህ በፊት ስልኩ ላይ `Do Not Disturb` አብራ፤ የባንክ መልእክት ከላይ ብቅ ይላልና።

«አራዳ መንገድ ዳር ነው የምንኖረው። ስቱዲዮ መከራየት አንችልም። ድምፁን እንዴት እንቅዳው?» (ሁለት እህትማማቾች)

ስልካችሁ ይበቃል። ትልቁን ክፍል ተዉትና ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ያለበትን ጠባቡን ምረጡ። ጋቢ ከኋላችሁ ስቀሉ። ባጃጁ የሚቀንሰው ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ፍሪጁን ንቀሉና ጀምሩ። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ይሁን። አማርኛችን «ጰ»፣ «ጠ»፣ «ቀ» አለው፤ አየሩ ፊት ለፊት ማይክሮፎኑን ከመታው ቧ ይላል። ከመጨረሳችሁ በፊት ማንም ሳይናገር 20 ሰከንድ ቅዱ። ቃል የምትቆርጡበት ቦታ ላይ ያ የክፍሉ ዝምታ ይገባል፤ ካልገባ ድምፁ ጭራሽ ይጠፋና ቆረጣው ይታወቃል። ቁጥሮችን ስክሪፕቱ ላይ በፊደል ጻፏቸው፣ «ስምንት መቶ ሃምሳ» ተብሎ። አንባቢ የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው።

«ክፍያ መቀበያው ገና አልተሠራም፣ ዲዛይኑ ግን አልቋል። እንደሚሠራ አድርገን ብንቀርጸው ችግር አለው?» (ከፒያሳ)

አለው። ዲዛይኑን ማሳየት ትችላላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ግን «ናሙና፣ ገና በሥራ ላይ» የሚል ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይኑር። ድምፁም «ይቀበላል» አይበል፤ «ይቀበላል ብለን እየሠራነው ነው» ይበል። ያለዚያ ኢንቨስተሩ ስልኩን ተቀብሎ «እስቲ ልክፈልበት» ያለ ቀን ሌላውም ሁሉ ይጠረጠራል፣ እውነተኛው ጭምር።

ትንንሾቹም እንዲሁ ናቸው። መልእክቱ ለመድረስ 8 ሰከንድ ከፈጀ ጥበቃውን መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ማንም አይጎዳም። ከቆረጣችሁት በኋላ ግን «ወዲያውኑ» የሚለውን ቃል ከስክሪፕቱ አውጡ።

ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው ባሳያችሁት አምኖ ነው የሚፈርመው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሳይቀረጽ በፊት አንድ የንግድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው። ይህን እንደ ልማድ ምክር አትለፉት፤ አንድ ገጽ ነው፣ አሳዩት።

«ከኋላው የታወቀ ዘፈን ብናስገባስ?» (ከማራኪ)

ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሆንም፤ ዝርዝሩን የቅጂ መብት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ለእኔ ግን 90 ሰከንድ ያለ ሙዚቃም ይሄዳል።

«ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጭነን እዚያው ብናጫውተውስ?» (ከአዘዞ)

ኔትወርክ አትመኑ። ኤምፒ4 አድርጋችሁ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡት፣ ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ያዙ። ከስብሰባው በፊት ደግሞ በዚያው ፕሮጀክተርና በዚያው ስፒከር አንድ ጊዜ አጫውቱና ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጣችሁ ስሙት።