ሠላሳ አራተኛው ስላይድ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንዲት ወጣት የውሃ መሐንዲስ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት ለኮሚቴ የማቀርበው ጥናት አለኝ። አንድ ሰዓት ነበር የሰጡኝ፤ አሁን ደውለው ሃያ ደቂቃ አደረጉት። ያለኝ አርባ ስላይድ ነው። ቶሎ ቶሎ ብናገር አይበቃኝም?" አለችኝ። ቶሎ መልስ አልወጣልኝም። ያንኑ ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ራሴን ጠይቄ "ይበቃል" ብዬ ነበር። በዚያ መልስ ምክንያት አንዲት ከተማ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ስትጠብቅ ከረመች። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

ጊዜው 1998 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ ነው። የአንዲት የደጋ ከተማ የመጠጥ ውሃ ጥናት አጠናቀን ውሳኔ ለሚሰጠው ኮሚቴ ልናቀርብ ነበር። ሁለት አማራጭ ነበረን። አንደኛው ከከተማዋ 28 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ውሃው በራሱ ቁልቁል እየወረደ ስለሚመጣ ፓምፕ አይፈልግም፤ የቧንቧው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው ከተማዋ ዳር ሦስት ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። ግንባታው ይረክሳል፤ ውሃውን ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ለመግፋት ግን የመብራት ሒሳብ ሲከፈል ሊኖር ነው። እኛ የመረጥነው ምንጩን ነበር፤ ምክንያቱም በቂ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መጥቶ ከእኔ በፊት ያለው አጀንዳ ጊዜ ስለወሰደ የእኔ ወደ ሃያ ደቂቃ መውረዱን ነገረኝ። አርባ ስላይድ ነበረኝ። ስድስቱ ስለ አካባቢው የአለት አቀማመጥ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ለ72 ሰዓት ያለማቋረጥ ስላካሄድነው የፓምፕ ሙከራ። ለሦስት ቀንና ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሬ የጉድጓዱን የውሃ ከፍታ በየሰዓቱ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ያንን ግራፍ ማን ያስጥለኛል? "በፍጥነት እሄዳለሁ" ብዬ ገባሁ።

አሥራ ሰባተኛው ስላይድ ላይ፣ ገና ስለ ባዛልቱ ስንጥቆች እያወራሁ፣ ሰብሳቢው እጃቸውን አነሱ። "ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል" አሉኝ። የቀሩትን ሃያ ሦስቱን በሁለት ደቂቃ ገፋኋቸው። ስላይዶቹ በግድግዳው ላይ ሲያልፉ የተሰብሳቢዎቹን ፊት አየሁ፤ ማንም ማንበብ አልቻለም። "ምክራችን ምንጩ ነው" ብዬ ጨረስኩ።

ከፋይናንስ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ ጠየቁኝ፦ "ጉድጓዱ በግንባታ ዋጋ እንደሚረክስ አይቻለሁ። እናንተ ግን ውዱን ምረጡ ትላላችሁ። ጉድጓዱን ብንመርጥ በየወሩ የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ስንት ነው? ከፋዩስ ማን ነው?"

መልሱ ነበረኝ። ሠላሳ አራተኛው ስላይድ ላይ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ በሰከንድ 30 ሊትር ውሃ 180 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ውሃው ብቻውን 53 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ሲታከል ከመብራት መስመሩ የሚሳበው ወደ 80 ይጠጋል። በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ ወደ 1,300 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በየቀኑ፣ ፓምፑ እስካለ ድረስ። ይህ ወደ ታሪፍ ሲለወጥ ከተማዋ ከቦኖ ከምትሰበስበው ገንዘብ ላይ ትልቁን ድርሻ ይበላ ነበር። ምንጩን የመረጥነውም ለዚሁ ነበር።

ስላይዱን ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ ጀመርኩ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ። አለፍኩት። እንደገና ወደ ፊት። ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ሠንጠረዥ፣ ደግሞ ካርታ ይፈራረቃል፤ አዳራሹ ዝም ብሏል። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው "ይህን ነጥብ አጥርታችሁ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቅረቡ" አሉ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 አልፎ በጀቱ ተዘግቶ ነበር። ውሳኔው የተገኘው ከዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ለመስክ ሥራ ወደዚያች ከተማ ስመላለስ ቦኖው ጋ የተሰለፈውን ቢጫ ጄሪካን አይ ነበር። ባለቤቶቹ ሌላ ሥራ ስላለባቸው ጄሪካኖቹ ብቻቸውን በወረፋ ተደርድረው ያድራሉ። ያንን ሰልፍ ሳይ የሚመጣብኝ አለቱ ሳይሆን ሠላሳ አራተኛው ስላይድ ነበር።

ድሮ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ በማርከር ጽፈን፣ በመብራት ማሽን ግድግዳ ላይ እያበራን ስናቀርብ ይህ ችግር አልነበረም። ወረቀቱ ውድ ስለነበር አለቃችን ቆጥሮ ነው የሚሰጠን፤ ስምንት ወይም አሥር። የሚጣለውን ከመጻፋችን በፊት እንጥላለን። እናንተ ያለፈውን ፕሮጀክት ፋይል ከፍታችሁ `Save As` ብላችሁ ትጀምራላችሁ። የዛሬ ልጆች በቀለሙም በአቀራረቡም ከእኛ እጅግ ትበልጣላችሁ፤ ይህን በእውነት ነው የምለው። የሚያሳዝነኝ ስላይዱ ለምን እንደገባ ስጠይቅ "ከበፊቱ ላይ ነበር" የሚል መልስ መስማቴ ነው።

ልጅቷ ረቡዕ ማታ ቤቴ መጣች። ላፕቶፑን እንድትዘጋ አልኳት። አርባውን ስላይድ አንድ ገጽ ላይ ስድስት ስድስት አድርጋ አትማ ነበርና በመቀስ ቆራርጠን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። ከላይ በወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር አጻፍኳት፦ ኮሚቴው ምን እንዲወስን ነው የምትጠይቂው? ይህን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት።

ጥናቷ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ነው። የነባሩ ጉድጓድ ውሃ በሊትር 4 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚያስቀምጠው ጣሪያ 1.5 ነው። እሷ የምትለው፣ ፍሎራይዱ 0.5 ብቻ የሆነ የምንጭ ውሃ በቧንቧ አምጥተን፣ አንድ እጅ የጉድጓድ ውሃ ከሦስት እጅ የምንጭ ውሃ ጋር ማጠራቀሚያው ውስጥ እናደባልቅ ነው። ድብልቁ 1.4 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር "የምንጩ መስመርና የመደባለቂያው ዝርዝር ዲዛይን በጀት እንዲፈቀድ" የሚል ሆነ።

ከዚያ እያንዳንዷን ቁራጭ እያነሳን ኮሚቴው ይህን ባያውቅ ውሳኔው ይለወጣል ወይ ብለን ጠየቅን። ይለወጣል ያልነውን በአንድ በኩል፣ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሆነውን በሌላ በኩል አደረግን። አራቱ የትም አልገቡም፤ የይዘት ዝርዝሩ፣ የድርጅቱ ታሪክ ሁለት ገጽ፣ "እናመሰግናለን" የሚለው። አሥራ ሁለት እንዳሉ ቀሩ። ተበታትኖ የነበረውን የአማራጮች ንጽጽር አንድ ሠንጠረዥ፣ ዋጋውን ሌላ ሠንጠረዥ አደረገችና፣ ያን የውሳኔ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አስገባች። አሥራ አምስት። ሃያ አራቱ ወደ አባሪ ሄዱ።

አንድ ቦታ ላይ ተከራከርን። አባሪ ክምር ውስጥ አንድ ስላይድ አገኘሁ፦ በበጋ ምንጩ ሲቀንስ ድርሻው ከሦስት እጅ ወደ ሁለት ቢወርድ ድብልቁ 1.7 ገደማ ይሆናል፤ ከጣሪያው በላይ። "ይህን ለምን ወደዚህ ወሰድሽው?" አልኳት። "ጊዜ አይበቃም፤ ደግሞ ውሳኔውን ያበላሽብኛል" አለችኝ። ውሳኔውን የሚለውጥ ነገር ቦታው አባሪ አይደለም። ኮሚቴው በኋላ ራሱ ቢያገኘው የቀረውን ሁሉ አያምናትም፤ ከዚያም በላይ ውሃውን የሚጠጡት ልጆች ናቸው። በበጋ የጉድጓዱን ፓምፕ ሰዓት መቀነስ እንደሚቻል የሚያሳይ ግራፍ ነበራት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ከአሥራ አምስቱ ውስጥ አስገባች። በምትኩ የአየር ጠባይ ካርታዋን አወጣች፤ በጣም የምትወደውን።

ቁጥሩ ራሱ ዋና ነገር አይደለም፤ አሥራ ሦስትም ቢሆን ያው ነው። እሷ አሥራ ስድስተኛ ልትጨምር ስትል ግን እምቢ አልኳት፤ በሩ አንዴ ከተከፈተ ሃያ ይሆናል። ከሃያው ደቂቃ አሥራ ሁለቱ ለንግግር፣ ስምንቱ ለጥያቄ ነው። የንጽጽር ሠንጠረዡ ብቻውን ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የቦኖው ፎቶ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። አራት ስላይድ አጭቆ አንድ ማድረግ ደግሞ መቀነስ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክፍሉ ጥግ ሂዳችሁ ቁሙና ማንበብ ካልቻላችሁ፣ ያ ስላይድ አልተቀነሰም።

አባሪው ለብቻው ሥራ አለው። አሥራ ስድስተኛው ላይ ማውጫ አደረገች፤ የጥያቄው ርዕስና የስላይዱ ቁጥር። ከ17 እስከ 40 ያሉትን ሁሉ `Hide Slide` አድርገን ደበቅናቸው፤ አለዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት ጠቅታ ብታመልጥ አባሪው ግድግዳው ላይ ይዘረገፋል። የተደበቀ ስላይድ ግን ጠፍቷል ማለት አይደለም፦ ስላይዶቹን ግድግዳው ላይ እያሳያችሁ ሳለ 31 ብላችሁ ጽፋችሁ `Enter` ብትጫኑ በቀጥታ ይመጣል። እኔ ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ! ማውጫውን በመጨረሻ ጻፉት፤ ስላይድ ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ቁጥሩ ይለወጣል። እኛም አንዴ ተሳስተን ከውሃ ጥራት ይልቅ የቧንቧ ውፍረት ወጥቶልናል። "ቀደም ሲል እንዳየነው" የሚሉ ቃላትንም ፈልጋችሁ አውጧቸው፤ ያየነው ነገር አሁን አባሪ ውስጥ ነው። ዋጋውን ፊት ለፊት አስተካክላችሁ አባሪው ውስጥ አሮጌው ከቀረ ደግሞ አንድ ጥናት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ ለወሳኝ ኮሚቴ ነው። ሰሚዎቻችሁ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከሆኑ ስድስቱ የአለት ስላይዶች ፊት ይመጣሉ፣ የመብራት ሒሳቡ አባሪ ይገባል።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለችልኝ። አምስት ጥያቄ ተጠይቃለች። ሁለቱን በራሱ በንግግሯ ውስጥ ያለውን እያስታወሰች መለሰች፤ ለሁለቱ ቁጥሩን ጽፋ ከአባሪው አወጣች። አምስተኛው ምንጩ አጠገብ መሬታቸው በቧንቧው ስለሚነካ ገበሬዎች ካሳ ነበር። ከአርባው በአንዱም አልነበረም። "ሰኞ በጽሑፍ አቀርባለሁ" ብላ መዝግባ ወጣች። አሁን እሱን እየሠራች ነው።