በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው የትኛው ስክሪን ይሻላል?

«ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አካባቢ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማመልከቻና ውል እጽፋለሁ። የላፕቶፔ ስክሪን ከረፋዱ በኋላ አልታይ እያለኝ ዓይኔ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ገጹን ወደ ታች ሳወርደው ፊደሉ ጥላ ይጎትታል። አሁን በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች አግኝቻለሁ። አንዱ የጌም የሚባለው ነው፤ 144 ኸርዝ፣ 3 ሚሊሰከንድ፣ 250 ኒት ይላል። ሌላው የቢሮ ሲሆን 60 ኸርዝና 400 ኒት ነው። ሻጩ ‹144 ዓይን አይጎዳም፣ እሱን ውሰጂ› ይለኛል። የቱን ልውሰድ?»

የቢሮውን ይውሰዱ። ለእርስዎ ሥራ ከሦስቱ ቁጥሮች ዋናው ኒት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ በጌም ማስታወቂያ ላይ ጎልተው ስለሚጻፉ ብቻ ትልቅ የሚመስሉ ናቸው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን አሁን ባለው ላፕቶፕዎ ላይ የሚሞክሩት ነገር አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ከ220 እስከ 250 ኒት ይሰጣሉ። ይህ መጋረጃ ባለው ክፍል ውስጥ ይበቃል። ለተለመደ ቢሮ 300 ደህና ነው፤ መስኮት ሥር ወይም በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው 400 መነሻው ነው። በረንዳ ላይ የሚያስቸግረው የስክሪኑ ብርሃን ማነስ ብቻ አይደለም። ከጀርባዎ ያለው ነገር ሁሉ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፤ ያ ነጸብራቅ ደግሞ በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይደመራል።

በቁጥር እንየው። ከጀርባዎ ጥላ ውስጥ ያለ ግድግዳ አለ እንበል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅም 100 ኒት ነው እንበል። ባለ 250 ኒቱ ስክሪን ላይ ነጩ ገጽ 350 ይሆናል፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ፊደል ደግሞ 100። ገጹ ከፊደሉ የሚደምቀው 3 ተኩል ጊዜ ያህል ነው። ባለ 400ው ላይ 500 ለ100፣ ማለትም 5 ጊዜ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ዓይን ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አሁን ከጀርባዎ ያለው ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ነው ብለን ነጸብራቁን ወደ 500 ኒት እናሳድገው። የመጀመሪያው 750 ለ500፣ ሁለተኛው 900 ለ500 ይሆናል። ሁለቱም ከ2 ጊዜ በታች ወረዱ፤ ሁለቱም አይነበቡም። 400 ኒት ገዝቶ ፀሐይ ላይ ላለ ነጭ ግድግዳ ጀርባን መስጠት ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ስለዚህ ከግዢው በፊት አቀማመጥዎን ያስተካክሉ። ጀርባዎን ለጥላማው ግድግዳ ይስጡ፤ ግድግዳው ነጭ ከሆነ ጠቆር ያለ ጨርቅ ይስቀሉበት። ፊት ለፊት ያለው መንገድ በጣም ካንጸባረቀብዎት ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበሉ። የለበሱት ነጠላ ወይም ጋቢም ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ላፕቶፑን አጥፍተው ጥቁሩን ስክሪን ቢመለከቱት ምን ምን እያረፈበት እንደሆነ በግልጽ ያያሉ። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል የሚያሳየውን አሠራር እየተጠቀሙ ከሆነም ለቀን ሥራ ይተዉት፤ ነጸብራቅ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ላይ ነው።

ቀጥሎ የአሁኑን ላፕቶፕዎን መቼት ይዩ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ብርሃናቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ባለቤቱ ስክሪኑ የደከመ ይመስለዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ Settings > System > Display ገብተው Brightness የሚለውን ይክፈቱ፤ ከሥሩ የገጹን ይዘት እያየ ብርሃን የሚቀያይር አማራጭ ካገኙ ያጥፉት። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራ ስክሪኑን የሚያደበዝዝ ከሆነም ያንን ያንሱት። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተው ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉ። አሁን ያዩት የስክሪኑ ትክክለኛ አቅም ነው። በዚህም ካልተነበበልዎት ጥፋቱ የመቼት አይደለም።

ጠዋት ፊደሉ ጥላ ስለሚጎትትበት ነገር ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ሰው ስክሪኑ የተበላሸ እየመሰለው ሱቅ ለሱቅ ይዞት ይዞራል። ሪስፖንስ ታይም የሚባለው አንዲት የስክሪን ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። ቀለሙን የሚለውጠው በመስታወቶቹ መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ነው፤ እሱ ደግሞ ብርድ እንደመታው ማር ይወፍርና እንቅስቃሴው ይዘገያል። ፋብሪካው የሚጽፈው ቁጥር በ25 ዲግሪ ገደማ የተለካ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት ላፕቶፕ ጠዋት ሲከፈት ግን ከ5 ዲግሪ ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ በዚያ ቅዝቃዜ የመለወጫው ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ይኸው ላፕቶፕ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ጥላ መጎተቱን ይተዋል።

መለየቱ ቀላል ነው። ጥላው ጠዋት ታይቶ እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ብርዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ካለ ፓነሉ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያሳየው የስክሪኑ አካል፣ ራሱ ዘገምተኛ ነው ማለት ነው። ለብርዱ መድኃኒቱ ሥራ ከመጀመርዎ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ላፕቶፑን መክፈትና ብርሃኑን ከፍ አድርጎ መተው ነው፤ የራሱ ሙቀት ያላላዋል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አያሙቁት፤ ፕላስቲኩም ባትሪውም ይጎዳሉ።

በጌሙ ላፕቶፕ ላይ የተጻፈውን 3 ሚሊሰከንድ እኔ ብዙም አላምነውም። የተለመደ የቢሮ ፓነል ከ25 እስከ 35 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። እንደ 3 ያለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፓነሉ ኦቨርድራይቭ በሚባል ዘዴ በኃይል ሲገፋ፣ ከሚለካው ሁሉ በጣም ፈጣኑ ለውጥ ተመርጦ ነው። ሲበዛ ደግሞ በሚንቀሳቀስ ፊደል ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ያወጣል። ለጽሑፍ ሥራ ከ25 ወደ 3 መውረድ የሚሰጥዎት ገጽ ሲንሸራተት ፊደሉ ትንሽ ጠራ ብሎ መታየት ነው፤ ገጹ ከቆመ በኋላ ምንም ልዩነት የለም። ውል የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚያነበው የቆመ ገጽ ነው።

144 ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ 144 ጊዜ ሥዕሉን ያድሳል ማለት ነው። በ60 ኸርዝ እያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ደግሞ 6.9 ገደማ። ጥቅሙ እውነት ነው፦ የማውስ ቀስት ይለሰልሳል፤ ረጅም ሰነድ ሲያወርዱም አይንቀጠቀጥም። በየቀኑ መቶ ገጽ ለሚያገላብጥ ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ፓነሉ በእውነት 25 ሚሊሰከንድ የሚፈጅበት ከሆነ ነጥቧ አንዱን ቀለም ሳትጨርስ ሦስት አዳዲስ ሥዕሎች ይደርሱባታል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሥዕሉ እንደደበዘዘ ይቀራል። ኸርዝና ሪስፖንስ ታይም ተያይዘው ካልተሻሻሉ አንዱ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ሻጩ «ዓይን አይጎዳም» ያለው ከድሮው የቱቦ ሞኒተር የቀረ እምነት ነው። ያ ሞኒተር በታደሰ ቁጥር ብልጭ ይል ስለነበር በ60 ኸርዝ ዓይን ያደክም ነበር፤ ሰውም ወደ 75 ወይም 85 ከፍ ያደርገው ነበር። የዛሬው ኤልሲዲ ስክሪን የጀርባ መብራቱ በርቶ ስለሚቆይ በ60 ኸርዝም በዚያ መንገድ አይርገበገብም። ርግብግብታ ካለ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ አንዳንድ ስክሪኖች ብርሃን ሲቀነስ መብራቱን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው የሚያደበዝዙት። ይህን ለመፈተን ብርሃኑን ወደ ሩብ ያውርዱ፤ በስልክ ካሜራው የባለሙያ መቼት የመዝጊያውን ፍጥነት 1/1000 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ነጭ ገጹን ይመልከቱ። ጥቋቁር ሰንበሮች ከታዩ መብራቱ ይርገበገባል። ራስ ምታት የሚቀናዎት ከሆነ ይህ ፈተና ከኸርዙ ቁጥር ይልቅ ይጠቅምዎታል።

ባትሪውንም ያስቡ። ከፍ ያለ ኸርዝ ባትሪ ይበላል፤ የጌም ላፕቶፕ ደግሞ ለብቻው የተገጠመ የግራፊክስ ካርድና ከባድ ቻርጀር አለው፤ መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ከቢሮው ቀድሞ ይተኛል። 400 ኒትም ቢሆን ሙሉ ብርሃን ላይ ሲቆይ ባትሪ ይጨርሳል፤ ቤት ሲገቡ ዝቅ ያድርጉት። በሆነ ምክንያት የጌሙን ከወሰዱ Settings > System > Display > Advanced display ገብተው 60 ላይ ያድርጉት፤ ጽሑፍ ሲጽፉ አይጎድልብዎትም።

ሱቅ ሲሄዱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን 400 ብቻ አምነው አይመለሱ፤ ያገለገለ ስክሪን የጀርባ መብራቱ ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ሁለቱንም ላፕቶፖች ቻርጀራቸውን ነቅለው እኩለ ቀን አካባቢ ወደ ሱቁ በር አውጧቸው። ባዶ የወርድ ገጽ ይክፈቱ፣ በ12 መጠን ጥቂት መስመር ይጻፉ፣ ብርሃናቸውን እስከ መጨረሻው ያድርሱ። ጎን ለጎን አስቀምጠው ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ያንሷቸው። ለየብቻ ካነሷቸው ስልኩ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክልና ያታልልዎታል፤ በአንድ ፎቶ ውስጥ ግን ደማቁ ራሱን ያሳያል። የስክሪኑ ገጽ መስታወት የመሰለ ወይስ የማያብረቀርቅ መሆኑንም ይዩ፤ ለበረንዳ የማያብረቀርቀው ይሻላል። የፓነሉን ስም ማወቅ ከፈለጉ HWiNFO የሚባለው ነፃ ፕሮግራም Monitor በሚለው ሥር ያሳይዎታል፤ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት የፋብሪካውን ኒት ያገኛሉ።

ሌላ አዲስ ላፕቶፕ ሳይገዙ የሚጨርሱበት መንገድም ሊኖር ይችላል። የአሁኑ ላፕቶፕዎ ሥራውን የሚችል ከሆነና የጎደለው ብርሃን ብቻ ከሆነ ፓነሉን ብቻ ማስቀየር ይቻላል። ባለ 60 ኸርዝ ፉል ኤችዲ ፓነሎች አብዛኞቹ ባለ 30 ፒን ማገናኛ አላቸው፤ በዚያው መጠንና በዚያው ማገናኛ የተሠራ ባለ 400 ኒት ፓነል ከተገኘ በነበረው ገመድ ላይ ይገጠማል። ባለ 144 ኸርዞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ 40 ፒን ስለሆኑ በአሮጌው ገመድ አይሠሩም። ጠጋኙን አሮጌውን ፓነል ፈትቶ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር፣ የፒኑን ብዛትና የብሎን ጆሮዎቹን ቦታ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ሦስቱ ከአዲሱ ጋር ሳይመሳከሩ ክፍያ አይፈጽሙ።